የጥጥ ልብስ ታጥቦ መሰብሰብ ምንድን ነው? አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግስ መቼ ይጠቅማል?

የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ የሚሰበሰበው ጥጡ ስለሚያልቅ ሳይሆን ውጥረቱ ስለሚላላ ነው። ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ይሠራል፤ ፋብሪካም እንዲሁ። ውሃ ሲገባበት ክሩ ያብጣል፣ ድሩም በማጉ ላይ ይበልጥ እየታጠፈ ያልፋል፤ ጨርቁም ያጥራል። ተወጥሮ የቆየው በዋናነት ድሩ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከወርዱ ይልቅ የሚቀንሰው ቁመቱ ነው። ቀድሞ ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ በቁመት ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢቀንስ አያስገርምም፤ ሳሳ ብሎ የተሸመነው ከዚያም ያልፋል። አብዛኛው ለውጥ በመጀመሪያው እጥበት ያበቃል።

ባሕር ዳር ገበያ አንድ የጥጥ ሸሚዝ አነሣን እንበል። የደረቱ ዙሪያ 108፣ እጅጌው 63 ሴንቲ ሜትር ነው። የገዢው ደረት 98 ነው፤ ክንዱ ደግሞ ቢያንስ 61 ሴንቲ ሜትር እጅጌ ይፈልጋል። ጨርቁ በወርድ 2፣ በቁመት 5 በመቶ ቢሰበሰብ ደረቱ ወደ 106 ይወርዳል፤ 8 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስለሚቀር አይጠብም። እጅጌው ግን 60 ሴንቲ ሜትር ይሆንና አንጓው ይታያል።

ሻጩ «አንድ ቁጥር ከፍ አድርግ» ማለቱ አይቀርም። ቀጣዩ ቁጥር ግን በደረት 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር በእጅጌ አንድ ገደማ ቢጨምር ነው። 64 የነበረው እጅጌ ታጥቦ 61 እንኳን በትክክል አይሞላም፤ ትከሻው ግን ይንጠለጠላል። ለቁመት ሲባል ወርድ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው፤ ረጅም እጅጌ ያለውን መፈለግ ይሻላል። ቁጥር ከፍ ማድረግ የሚጠቅመው በወርድ ትርፍ ሲጠፋ ነው፤ ለምሳሌ ዙሪያው 100 የሆነ ካናቴራ በወርድ 4 በመቶ ቢሰበሰብ 96 ይሆናል፤ ያኔ ለዚሁ ሰው ይጠበዋል።

ሱሪ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሳይታጠብ ጫፉን አታሳጥሩት። ለልብስ ሰፊ የሚሰጥ ጨርቅ ደግሞ በግምት መተው የለበትም። ከጠርዙ ራቅ ብሎ በሌላ ቀለም ክር 20 በ20 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ይሰፋበታል፤ ወደ ፊት በሚታጠብበት ሙቀት ይታጠባል፣ ከደረቀ በኋላም ይለካል። በድሩ አቅጣጫ 19 ከሆነ 5 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። የሚያስፈልገው 2 ሜትር ተኩል ከሆነ ለ0.95 ሲካፈል 2.63 ይመጣል፤ 2.65 ይገዛል። ከዚያም ከመቆረጡ በፊት ጨርቁ በሙሉ ይታጠባል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቤት ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ገመድ ላይ የደረቀ ሸሚዝ ያልቀነሰውን፣ ጣና ዳር ያለ ሆቴል ማድረቂያ ማሽን ሊቀንሰው ይችላል። ሙቀቱና መገለባበጡ የቀረውን ውጥረት ያላሉታል።