የአሮጌ የእንጨት ወንበር እድሳት

አሮጌ የእንጨት ወንበር ማደስ ሦስት ሥራ ነው። የላላውን ማጥበቅ፣ የድሮውን ቀለም ማንሳት ወይም ማሻከር፣ ከዚያ አዲስ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባት። አዲስ አበባ ውስጥ ወንበሩን ማግኘት አይከብድም። ቁራሌው ይዞት ይዞራል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል፣ ካልሆነም ከእናት ቤት ጓዳ ይወጣል።

ለምሳሌ ክሬም ቀለም የተቀባ፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ የምግብ ወንበር እንውሰድ። መጀመሪያ ገልብጡት። ከመቀመጫው ሥር ማንም የማያየውን ቦታ በምላጭ ትንሽ ፋቁ። ቡናማ፣ ወዝ ያለው እንጨት ብቅ ካለ ምናልባት ዋንዛ ነው። ዋንዛን ሙሉ በሙሉ በቀለም መሸፈን ያሳዝነኛል። ስለዚህ መቀመጫውንና መደገፊያውን ገፍፎ ቫርኒሽ መቀባት፣ እግሮቹን ደግሞ ቀለም መቀባት ጥሩ መፍትሔ ነው። የእግሮቹን ጌጥ ጥግ ለጥግ መፋቅ ቀናት ይፈጃልና ድካሙም ይቀንሳል። ከሥር የወጣው ቺፕውድ ወይም ስስ ልባጭ ከሆነ ግን አትግፈፉት። ልባጩ በመፋቅ ብዛት ያልቃል፣ ያለቀ ልባጭ ደግሞ አይመለስም። እሱን ቀለም ነው የሚያምርበት።

ከቀለሙ በፊት የሚነቃነቀው እግር ይቀድማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ምስማር ይመታል። ምስማር ለጥቂት ሳምንት ይይዝና እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ለአናጢም ያስቸግራል። ትክክለኛው መንገድ መጋጠሚያውን ቀስ ብሎ ማላቀቅ ነው። በጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። ውስጡ የደረቀውን አሮጌ ኮላ እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቁ። አዲስ ኮላ የሚይዘው እንጨትን ነው፣ በአሮጌ ኮላ ላይ ከተቀባ ይላቀቃል። የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ ግጠሙት። ሞርሳ ከሌላችሁ እግሮቹን በገመድ ዙሪያውን እሰሩና በገመዱ መሃል ዱላ አስገብታችሁ አጠማዙት። ኮላው ሳይደርቅ ወንበሩን ደልዳላ ወለል ላይ አቁሙትና አራቱም እግር መሬት መንካቱን እዩ። 24 ሰዓት አትንኩት።

ቀጥሎ የድሮው ቀለም ጥያቄ ይመጣል። እግሮቹ ላይ ያለው ቀለም ለአዲሱ መሠረት መሆን ይችላል? ይህን በምላጭና በስኮች መፈተን ይቻላል። ቀለሙን በምላጭ መስቀለኛ ጫሩት፣ ስኮቹን በደንብ ተጭናችሁ ለጥፉና በአንድ ጊዜ መንጭቁት። ቀለም ይዞ ከመጣ ሁሉም መነሳት አለበት። አዲሱ ቀለም የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከአሮጌው ጋር አብሮ ይላጣል። ንጹሕ ከመጣ ግን በሳሙና ውኃ ቅባቱን አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ የቀለሙን አንጸባራቂነት ማጥፋት ይበቃል፤ ለዚህ 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጥሩ ነው።

አንድ ከባድ ጉዳይ እዚህ አለ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በደንብ የገደበችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ወንበር በጥርጣሬ መታየት አለበት። ስለዚህ ቀለሙን በደረቁ አትፈግፍጉት። ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እየነከራችሁ ሥሩ፣ ማስክ አድርጉ፣ ብናኙንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በእሳት አታሙቁት። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት አጠገቡ አይሁኑ።

የመቀመጫው ቀለም በቀለም ማስለቀቂያ ይነሳል። ከዚያ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ በ120፣ ቀጥሎ በ220 ይለሰልሳል፣ ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ። ወደ ጎን የተፈገፈገ ጭረት ቫርኒሽ ሲነካው ጎልቶ ይወጣል። ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ፣ ስስ ስስ አድርጉ፤ በየመሃሉ 220ውን እጅግ ቀለል አድርጋችሁ አሳልፉ።

ለእግሮቹ ሲንቴቲክ ቀለም ይሆናል። ሩብ ሊትር ለሁለት ዙር ይበቃል፤ ሙሉ ጋሎን አትግዙ። የመጀመሪያውን ዙር በጥቂት አኳራጅ አቅጥኑት። ናይትሮ ቲነር አትጨምሩ፣ ከሥር ያለውን ቀለም ያስነሳዋል። በመሃሉ አንድ ቀን ጠብቁ። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ወፍራም ሁለተኛ ከተደረበ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይሆንና ይሸበሸባል። የተሸበሸበ ቀለም በብሩሽ አይስተካከልም፣ ደርቆ እንደገና ይፈገፈጋል።

ሲንቴቲክ ቀለም በማግስቱ የደረቀ ይመስላል። እውነተኛ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። የወንበሩ እግር ብዙም አይጎዳም። ጠረጴዛ ከሆነ ግን ረከቦት ወይም ትኩስ ስኒ ቶሎ ከተቀመጠበት ይጣበቅና ክብ ምልክቱን ትቶ ይነሳል።