የፎቶ ልብስ ቅየራ ፈቃድ ምንድን ነው?

በኤአይ አፕ የሰው ፎቶ ላይ ልብስ መቀየር ዛሬ የደቂቃ ሥራ ነው። ቲሸርት የለበሰው ሰው ኮት ለብሶ ይወጣል። እዚህ ላይ ፈቃድ ስንል ባለቤቱ፣ ማለትም ፎቶው ላይ ያለው ሰው፣ ምን እንደሚደረግ አውቆ፣ ማንም ሳይጫነው፣ ለዚያ ፎቶ፣ ለዚያ ልብስና ለሚወጣበት ቦታ እሺ ማለቱ ነው። እሺታው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። አንዴ ፎቶው አፑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ አንዴ ውጤቱ ከታየ በኋላ። ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛውን ነው።

ሁለት ጊዜ የሚያስፈልገው በመሣሪያው አሠራር ምክንያት ነው። በብዙ አፖች ልብሱ ያለበትን ቦታ በብሩሽ ትቀባላችሁ። የተቀባው ቦታ ማስክ ይባላል። መሣሪያው ማስኩ ውስጥ ያለውን ጥሎ፣ በዙሪያው ካለው ምስልና ከተማረባቸው ፎቶዎች ተነስቶ አዲስ ይስላል። ከልብሱ ሥር ያለውን ገላ ግን አያውቅም። ሰፊ ሹራብን በጠባብ ሸሚዝ ሲተካ ትከሻውን፣ ደረቱንና ወገቡን ከራሱ ይፈጥራል። ልብስ ብቻ የተቀየረ ይመስለናል እንጂ ገላም ተስሏል። ገና ያልተሳለ ገላን ደግሞ ማንም አስቀድሞ ሊፈቅድ አይችልም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የሠራተኞች ፎቶ ሊወጣ ነው። ሁሉም ኮት ለብሰዋል፣ አንዷ ብቻ በቲሸርት ናት። ገጹን የሚያዘጋጀው ልጅ እንዲህ ብሎ ይጽፍላታል፦ «ፎቶሽ ላይ በኤአይ ጥቁር ኮት ላስገባልሽ አስቤ ነበር። ለሠራተኞች ገጽ ብቻ ነው። ፎቶው ወደ አፑ ሰርቨር ይላካል። ካልፈለግሽ እንዳለ እናወጣዋለን፣ ወይም ሌላ ቀን እንደገና እናነሳሻለን። ሠርቼ ሳታይው አላወጣም።»

መልእክቱ ጥሩ የሆነው እምቢ ማለትን ቀላል ስላደረገ ነው። ጠያቂው አለቃ ሲሆን ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ አለቃን እምቢ ማለት ለማንም ይከብዳል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ሕግም በአሠሪና በሠራተኛ መካከል የሚሰጥ ፈቃድን በጥርጣሬ የሚያየው ለዚሁ ነው። ሁሉም ባሉበት የቡድን ቻት መጠየቅም አይሆንም። ለብቻዋ ጠይቋት።

እሺ አለች እንበል። ኮቱ ያምራል። ግን ትከሻዋ ጠቧል፣ አንገቷ ላይ የነበረው ጠባሳ ጠፍቷል፣ ፊቷም ትንሽ ፈካ ብሏል። አንዳንድ አፖች ማስኩን ብቻ ሳይሆን ምስሉን በሙሉ እንደገና ስለሚስሉ ይህ ያጋጥማል። ለማጣራት ሁለቱን ፎቶዎች ፎቶሾፕ ውስጥ አንዱን በሌላው ላይ ልክ በልክ አስቀምጡና የላይኛውን ሌየር Blending Mode ወደ Difference ቀይሩት። ያልተነካው ቦታ ጥቁር ይሆናል። ፊቷ በግልጽ ከታየ ፊቷም ተቀይሯል ማለት ነው። ከዚያ ዋናውንና አዲሱን ጎን ለጎን ላኩላት። «ይቺ እኔ አይደለሁም» ካለች ጉዳዩ አለቀ፤ የመጀመሪያው እሺታ ለዚህ ምስል አይሠራም። በእኔ እምነት ያኔ ደጋግሞ ከመሞከር እንደገና ማንሳት ይሻላል።

ከተስማማችም የተስማማችው ለሠራተኞች ገጽ ነው። ከወራት በኋላ ያው ፎቶ ማስታወቂያ ላይ ቢፈለግ እንደገና ትጠየቃለች። ሂጃብ ማውለቅ ወይም ማልበስ ደግሞ ከኮት ጋር አንድ አይደለም። የሰውን እምነት መናገር ስለሆነ፣ ባለቤቱ ራሱ ካልጠየቀ ባይነካ ይመረጣል።

ቤተሰብ ውስጥ መጠየቅ ይረሳል። «እናቴ ናት፣ ምን ትለኛለች?» እንላለን። እናትም ግን የማታውቀውን ቀሚስ ለብሳ ራሷን በዘመድ ስልክ ላይ ስታይ ልትከፋ ትችላለች። ስለ ልጅ ወላጅ ይወስናል፤ ሆኖም ነገሩ የሚገባው ልጅ አልፈልግም ካለ ይቅር። የሞተ ዘመድ አይጠየቅም። የቅርብ ቤተሰቡ ተስማምቶ ከተሠራ፣ እንደ እውነተኛ ፎቶ እንዳይቆጠር ከሥሩ «ልብሱ የተቀየረ ነው» ተብሎ ይጻፍ፣ ዋናውም ይቀመጥ።

ያለ ፈቃድ ሰውን ራቁቱን ወይም በውስጥ ልብስ ማሳየት ግን ጥቃት ነው። ለቀልድም፣ ለራስ ብቻ ለማስቀመጥም አይደረግም፤ የልጅ ፎቶ ከሆነ ደግሞ የማንም ፈቃድ አይሠራም። አሜሪካ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራጨ እንዲህ ያለ ምስል በኤአይ የተሠራም ቢሆን ባለቤቱ ካመለከተ ምስሉ የወጣበት መድረክ በ48 ሰዓት ውስጥ ማንሳት አለበት።

ፈቃድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ሊቀይርም ይችላል። ያኔ ከድረ ገጹ ማውረድ ብቻ አይበቃም። አፑ ታሪክ ውስጥ የተቀመጠውን፣ ስልክ ላይ የቀሩትን ሙከራዎችና ለሌላ ሰው የተላከውንም ማጥፋት ያስፈልጋል። ፎቶው የት የት እንደሄደ ከመጀመሪያው መጻፍ ያን ጊዜ ይጠቅማል።