የባንክ ስቴትመንት ለውጭ አገር ትምህርት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መጨረሻ ላይ ያለው ባላንስ ከበቃ ሌላው አይታይም»

ስቴትመንት ስናወጣ ዓይናችን ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ መጨረሻው መስመር ነው። የቪዛ ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው ግን መሃል ላይ ያለውን ዝቅተኛ ቁጥር ይፈልጋል። ገንዘቡ የቆየ ነው ወይስ ለዕለቱ የመጣ? ጥያቄው ይህ ነው።

ዩናይትድ ኪንግደም ይህን በግልጽ ቁጥር ስላስቀመጠች ለማስረዳት ትመቻለች። የሚፈለገው ገንዘብ ሳይጎድል ለ28 ተከታታይ ቀናት መቆየት አለበት። የ28ቱ ቀን መጨረሻ ደግሞ ከማመልከቻው ዕለት በፊት ባሉት 31 ቀናት ውስጥ መዋል አለበት።

አንዲት ተማሪ ከለንደን ውጭ ማስተርስ ልትማር ነው እንበል። የአንደኛው ዓመት ክፍያ 14,000 ፓውንድ ነው። 5,000 አስቀድማ ከፍላለች፤ ክፍያውም ዩኒቨርሲቲው በሰጣት የመግቢያ ማረጋገጫ ላይ ተመዝግቧል። ስለዚህ 9,000 ይቀራል። ለኑሮ ደግሞ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ከለንደን ውጭ የሚጠየቀው በወር 1,171 ፓውንድ ሲሆን የሚታሰበውም እስከ 9 ወር ነው። ይህ 10,539 ይሆናል። በድምሩ 19,539 ያስፈልጋታል።

ማርች 3 ላይ አካውንቷ ውስጥ 20,100 ፓውንድ አለ። ማርች 19 ቀን ለአንድ ጉዳይ 800 አወጣች። ባላንሷ 19,300 ሆነ። ማርች 21 ቀን 800ውን መለሰችና እንደገና 20,100 ሆነ። በወሩ መጨረሻ ስቴትመንቱን ስታወጣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቁጥር ያምራል። ግን ለሁለት ቀን ከሚፈለገው በ239 ፓውንድ ወርዷል። ቆጠራው ማርች 21 ላይ ከአንድ ይጀምራል፤ 28ኛው ቀን የሚሞላውም ኤፕሪል 17 ነው። ማርች 31 ላይ ካመለከተች ገንዘቡ እያላት ውድቅ ትደረጋለች። እንዲህ ያለ ውድቀት በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሁለት ሳምንት ተኩል መታገሥ ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ከፓውንድ ሌላ በሆነ ገንዘብ የምትቆጥቡ ከሆነ ደግሞ የምንዛሪ ተመኑን አስቡ። በዩናይትድ ኪንግደም ስሌቱ የሚሠራው ባመለከታችሁበት ዕለት ተመን ነው። በማርች መጀመሪያ ልክ የነበረው ገንዘብ በኤፕሪል ሊያንስ ይችላል። በትክክል የሚፈለገውን ብቻ ይዞ መቅረብ አደጋ ነው፤ ትንሽ ትርፍ ይኑራችሁ።

«ደመወዜ በየወሩ ስለሚገባ ቁጠባዬም ይታመናል»

የሚገባው ገንዘብ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሚወጣው ነው። የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ቁጠባችሁን መውለድ አለበት። ካናዳ ከባንክ ስቴትመንት ያለፉትን 4 ወራት ትጠይቃለች። ሌሎች አገሮችና ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ 3 ወይም 6 ወር ይጠይቃሉ። የተወሰነ የ28 ቀን ዓይነት ሕግ በሌለበት ቦታ፣ መርማሪው በራሱ ግምት ይመዝናል። ያኔ ይህን ስሌት ከእሱ በፊት እናንተ ብትሠሩት ይሻላል።

ስቴትመንቱ መጀመሪያ ላይ ያለውን ባላንስ ያዙ። የገባውን ሁሉ ደምሩ፤ የወጣውን ቀንሱ። ከዚያ የወሩን አማካይ ትርፍ አውጡ። ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ በወር የተጣራ 2,340 ይገባለታል። በወር 2,000 ያወጣል። የሚተርፈው 340 ነው፤ በ6 ወር 2,040። ስቴትመንቱ በ1,500 ጀምሮ ከሆነ መጨረሻው ወደ 3,540 መሆን አለበት። አሁን የመጨረሻው ባላንስ 21,000 ሆኖ ተገኘ። ደመወዙ እውነት ነው፣ ባላንሱም እውነት ነው። ግን ሁለቱ አይተዋወቁም። 17,460ው ከየት መጣ? መርማሪው ከዚህ በኋላ ሌላ ገጽ መግለጥ አያስፈልገውም።

ተመሳሳዩ ሠራተኛ ስቴትመንቱን በ18,960 ቢጀምርና በየወሩ 340 እያስቀረ 21,000 ላይ ቢደርስ፣ ያው ባላንስ ያለ ምንም ማብራሪያ ይታመናል። ስለዚህ ጊዜ ካላችሁ፣ ዋናውን ቁጠባ ስቴትመንቱ ከሚጀምርበት ቀን በፊት አንድ አካውንት ላይ ሰብስቡት። በየአካውንቱ የተበተነ ገንዘብ በመጨረሻው ሳምንት ሲሰበሰብ፣ የራሳችሁ ሆኖ ሳለ የሰው ይመስላል። ከተሰበሰበም የላኪውን አካውንት ስቴትመንት ጭምር አያይዙ።

አንድ ሌላ ነገርም ብዙዎችን ያስቸግራል። የአሠሪው ደብዳቤ ደመወዙን 3,000 ይላል፤ ባንክ የሚገባው 2,340 ነው። ደብዳቤው የሚያወራው ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ስላለው ነው። ይህንን የሚያገናኘው የደመወዝ መክፈያ ወረቀቱ ነው፤ ተቀናሹን በዝርዝር ያሳያል። ቢያንስ ስቴትመንቱ ለሚሸፍናቸው ወራት አያይዙት። የተጣራው ቁጥር ከባንኩ መስመር ጋር እስከ ሳንቲሙ መግጠም አለበት።

«ደመወዝተኛ ስላልሆንኩ ተከታታይ ገቢ የለኝም»

ተከታታይ ማለት እኩል ማለት አይደለም። ነጋዴ አንድ ወር 4,000፣ ሌላ ወር 900 ሊያስገባ ይችላል። የሚፈለገው ገቢው ከታወቀ ምንጭ መምጣቱና ከግብር ወረቀቱ ጋር መስማማቱ ነው። ለግብር በዓመት 12,000 ገቢ ያሳወቀ ሰው፣ በስቴትመንቱ በ6 ወር 40,000 ከተንቀሳቀሰ አንዱ ወረቀት ሌላውን ይከሰዋል። ሽያጭና ትርፍ እንዳይምታቱም ተጠንቀቁ። 40,000ው የዕቃ ሽያጭ ከሆነ፣ ከፍተኛው ክፍል ለአቅራቢዎች ተመልሶ ሲወጣ ይታያል። የድርጅቱን አካውንት ከግል አካውንት ለይታችሁ፣ ለራሳችሁ የምትወስዱትን በየወሩ ብታስተላልፉ ንባቡ ይቀላል።

«በቅርቡ ትልቅ ገንዘብ ገብቷል፤ አለቀልኝ»

አላለቀም። ሰዎች ቤት ይሸጣሉ፣ መኪና ይሸጣሉ፣ ውርስ ይደርሳቸዋል፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ይቀበላሉ። ችግር የሚሆነው ወረቀት የሌለው ገንዘብ ነው።

አባት መኪና ሸጦ 13,000 አስገባ እንበል። የሽያጭ ውሉ አለ፤ ቀኑ ገንዘቡ ከገባበት ቀን በፊት ነው፤ የገዢው ስም በውሉም በባንኩ ዝውውርም አንድ ነው፤ መኪናው የአባትየው እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃም ተያይዟል። አራቱም ከገጠሙ ሦስት መስመር ያለው አጭር ማብራሪያ ይበቃል። ውሉ 13,000 እያለ ባንክ የገባው 9,000 ከሆነ ግን ቀሪው የት እንደሄደ በማብራሪያው ጻፉ፤ ሳይጠይቋችሁ። ገዢው በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ይጠፋል። ከመሸጣችሁ በፊት ካወቃችሁ ክፍያው በባንክ ይሁን።

ከዘመድ ለጥቂት ሳምንት ተበድሮ «የራሴ ቁጠባ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጉዳዩ ከገንዘብ ማነስ ወደ ሐሰተኛ መግለጫ ይሻገራል። ካናዳ በሐሰት መረጃ ያመለከተን ሰው ለ5 ዓመት ልትከለክል ትችላለች፤ በዩናይትድ ኪንግደም እገዳው እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ገንዘብ ካነሰ በሚቀጥለው ጊዜ ሞልቶ መሄድ ይቻላል። ይህኛው ግን ዓመታት ይወስዳል። እባካችሁ ማንም «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ቢላችሁ አትስሙት።

«አጎቴም አባቴም ያው ዘመድ ነው፤ የማንም አካውንት ይሆናል»

የምትሄዱበት አገር ይወስነዋል። ዩናይትድ ኪንግደም ከግለሰቦች የምትቀበለው የራሳችሁን፣ አብሯችሁ የሚያመለክት ወይም እዚያ ያለ የትዳር አጋርን፣ የወላጅን ወይም የሕጋዊ አሳዳጊን አካውንት ነው። አጎትና ወንድም፣ ምንም ያህል ሀብታም ቢሆኑ፣ በራሳቸው አካውንት ሊሸፍኑላችሁ አይችሉም። ሊረዷችሁ ከፈለጉ ገንዘቡን ለእናንተ ወይም ለወላጅ ይስጡ፤ የ28 ቀኑ ቆጠራም ገንዘቡ እዚያ ከገባበት ቀን ይጀምራል። በወላጅ አካውንት ስትጠቀሙ የልደት ምስክር ወረቀትና «ገንዘቡን ለትምህርቱ እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ» የሚል የወላጅ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሁለቱን ረስቶ ስቴትመንት ብቻ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው።

በአሜሪካ በኩል ስፖንሰሩ ዘመድ እንኳ መሆን ግድ የለበትም። ግን ሰፊ በር ማለት ቀላል ጥያቄ ማለት አይደለም። ስፖንሰሩ ሦስት ልጆች ካሉት፣ የቤት ዕዳ ከከፈለና በወር 500 ብቻ ከተረፈው፣ በዓመት 20,000 እከፍላለሁ ማለቱ አያስኬድም። የቅድሙን የመደመርና የመቀነስ ስሌት በእሱም ስቴትመንት ላይ ሥሩት።

«ገንዘቡ የትም ይቀመጥ፤ ዋናው መኖሩ ነው»

የት እንደተቀመጠ ይጠየቃል። ዩናይትድ ኪንግደም አክሲዮን፣ ቦንድ፣ የጡረታ ፈንድና ባንክ ከባላንሳችሁ በላይ እንድታወጡ የፈቀደውን ገንዘብ አትቆጥርም፤ በጥሬው ሊወጣ የሚችል ገንዘብ ነው የምትፈልገው። ጀርመን ደግሞ በብዛት የምትፈልገው በተቃራኒው የተዘጋ አካውንት ነው፤ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ይገባበትና በወር 992 ብቻ ይለቀቃል። ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ገንዘቡን በዚህ መንገድ ካሳየ፣ ስለ 6 ወር ስቴትመንቱ ያን ያህል መጨነቅ አይኖርበትም። ወደ ዩናይትድ ኪንግደም የሚሄድ ግን ገንዘቡን እስከ ቀነ ገደብ የማይነካ ተቀማጭ ውስጥ ከቆለፈው፣ ከማመልከቱ በፊት ባንኩን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ከቀኑ በፊት ማውጣት እችላለሁ? መልሱ አዎ ከሆነ በደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ይስጡት። አይቻልም ካሉት ተቀማጩን ያስፈታና የ28 ቀኑን ቆጠራ ገንዘቡ ወደ ተራው አካውንት ከገባበት ዕለት ይጀምር።