ሊኒያራይዝድ ፒዲኤፍ ምንድን ነው?

ድረ ገጽ ላይ ያለ ፒዲኤፍ ትነካላችሁ። ባዶ ግራጫ ስክሪን ይመጣል። የፈለጋችሁት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር፤ የምትጠብቁት ግን ፋይሉ በሙሉ እስኪወርድ ነው።

ብዙዎቻችን በፋይሉ መጠን እናሳብባለን። መጠኑም ድርሻ አለው፤ ትልቁ ጣጣ ግን አደራደሩ ላይ ነው። የተራ ፒዲኤፍ ማውጫ ያለው ጅራቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ገጽ፣ ፎንትና ምስል ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር የሚናገረው ይኸው ማውጫ ነው። ፋይሉን ከላይ ወደ ታች የሚያወርድ ፕሮግራም እዚያ እስኪደርስ ገጹን መሥራት አይችልም።

ሊኒያራይዝድ ፒዲኤፍ ይህ ቅደም ተከተል የተስተካከለለት ፋይል ነው። የመጀመሪያው ገጽ የሚያስፈልገው ሁሉ ከነማውጫው ወደ ፊት ይመጣል። የቀሩት ገጾች የት እንዳሉ የሚጠቁም ሰንጠረዥም አብሮ ይገባል። አክሮባት ላይ Fast Web View የሚለው ይህንኑ ነው።

በቁጥር እንየው። 200 ገጽ ያለው 48 ሜጋባይት ሪፖርት አለን እንበል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ሙሉው 96 ሰከንድ ይፈጃል። የመጀመሪያው ገጽ ድርሻ 300 ኪሎባይት ከሆነ ግን ከአንድ ሰከንድ በታች ይበቃዋል። ፋይሉ ግን አልቀነሰም፤ ያው 48 ሜጋባይት ነው።

ሥራው qpdf በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁለት መስመር ነው። ሁለተኛው መስመር መሳካቱን ይፈትሻል።

```
qpdf --linearize report.pdf web.pdf
qpdf --check-linearization web.pdf
```

ሰርቨሩም መተባበር አለበት። አንባቢው ከሽፋኑ ቀጥታ ወደ ገጽ 150 ቢዘል፣ ብራውዘሩ ያንን ቁራጭ ብቻ ለይቶ ይጠይቃል። ቁራጭ መስጠት የሚችል ሰርቨር `206` ብሎ ይመልሳል። `200` ካለ ሙሉውን ፋይል ከመጀመሪያው እየላከ ነው፤ ያኔ መዝለሉ አይሠራም።

ሰው ሳያውቀው የሚያበላሸው ነገር ደግሞ አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፋይሉ ላይ አስተያየት ጨምራችሁ ሴቭ ስታደርጉ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ለውጡን ጅራቱ ላይ ይቀጥሉታል። መጀመሪያ ላይ የተጻፈው የፋይል ርዝመት ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ፕሮግራሞች እንደ ተራ ፒዲኤፍ ያዩታል። ፋይሉ ይከፈታል፣ ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም፣ ፍጥነቱ ብቻ ይጠፋል። ስለዚህ `--linearize` ከሁሉም እርማት በኋላ የሚደረግ የመጨረሻ ሥራ ነው።

ዲጂታል ፊርማ ያለበት ሰነድ ላይ ግን ይህን አታድርጉ። qpdf ፋይሉን እንደ አዲስ ስለሚጽፈው ፊርማው ዋጋ ያጣል።

ሽፋኑ ራሱ በ600 ዲፒአይ ስካን የተደረገ 9 ሜጋባይት ምስል ከሆነስ? በዚያው መስመር ገና 18 ሰከንድ ትጠብቃላችሁ። እዚህ ላይ የሚረዳው ምስሉን ማሳነስ ነው።