የጥናት አኅጽሮት ትርጉም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሕፃናት መቀንጨር ላይ የተሠራ አንድ የጤና ጥናት አኅጽሮት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች ከዚህ በታች ቀርበዋል። የጥናቱ አኃዞች ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው።

«ቃላቱ በትክክል ከተተረጎሙ ክርክሩም አብሮ ይተረጎማል።»

ተመራማሪው አንድን ነገር የሚናገርበት የእርግጠኝነት መጠን የሚታወቀው ከስሞቹ ይልቅ ከግሦቹና ከአያያዦቹ ነው። የማሳያ ጥናታችን በአንድ ወቅት ብቻ መረጃ የሰበሰበ ስለሆነ የቱ ከየቱ እንደቀደመ ሊያሳይ አይችልም፤ ጸሐፊውም ሊል የቻለው የእናት አለመማርና የልጅ መቀንጨር አብረው ተገኝተዋል ብቻ ነው። በአማርኛ ግን «ተያያዥ ምክንያቶች» የሚለው የተለመደ ሐረግ ገና ከርዕሱ መንስኤነትን ያስገባል፤ «ተያያዥ ሁኔታዎች» ቢባል ይህ ችግር አይኖርም። ከዚህ በላይ የሚያዘናጋው የቋንቋችን ሰዋስው ነው። «እናቶች ሳይማሩ ቀርተው ልጆቻቸው ቀነጨሩ» ስንል «ቀርተው» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ቅደም ተከተልን ያመጣል፣ አንባቢውም ከቅደም ተከተሉ ምክንያትን ያነባል። «ስለ» እና «በመሆኑ»ም እንዲሁ ናቸው። «ያመለክታል» የተባለው «ያረጋግጣል» ከሆነማ ጥናቱ ያልደረሰበት ድምዳሜ ተጽፎለታል ማለት ነው።

«ቁጥር ትርጉም አያስፈልገውም፤ እንዳለ ይገለበጣል።»

ቁጥሩ ይገለበጣል፤ የሚያጠፋው አጠገቡ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛው ውጤቱ AOR = 2.1, 95% CI: 1.3–3.4 ተብሎ ተቀምጧል እንበል። ብዙ ተርጓሚዎች ይህን «ካልተማሩ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት የመቀንጨር ዕድላቸው በ2.1 እጥፍ ይበልጣል» ብለው ይጽፉታል። AOR ግን የተስተካከለ ኦድስ ሬሾ ነው፤ ኦድስም ዕድል አይደለም፤ የቀነጨሩትን ላልቀነጨሩት ማካፈል ነው። ሌሎቹ ሁኔታዎች ተመሳሳይ ናቸው ብለን ከተማሩ እናቶች ልጆች መካከል ከ100ው 30ው ቀንጭረዋል ብንል፣ ኦድሱ 30 ለ70፣ ማለትም 0.43 ገደማ ይሆናል። በ2.1 ሲባዛ 0.90 ይመጣል። ይህም ወደ ድርሻ ሲመለስ ከ100 ሕፃናት 47 ያህሉን ይሰጣል። 47 ለ30 ሲካፈል ደግሞ 1.6 እንጂ 2.1 እጥፍ አይሆንም፤ የተርጓሚውን ዓረፍተ ነገር ያመነ የጤና ባለሙያ ግን 63 ሕፃናትን ይጠብቃል። ችግሩ በጣም አልፎ አልፎ በሚከሰት ሕመም ላይ ኢምንት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶውን ለነካው መቀንጨር ግን ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ መጻፍ ይሻላል፦ «ሌሎች ሁኔታዎች በስሌት ከተስተካከሉ በኋላ የእናት አለመማር ከሕፃናት መቀንጨር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል (የተስተካከለ ኦድስ ሬሾ 2.1፤ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ1.3 እስከ 3.4)።» ዓረፍተ ነገሩ እንደ መጀመሪያው አይጥምም፤ እኔ ግን ያልተባለ ነገር ከሚነገርለት ይህን እመርጣለሁ። «ጉልህ» የሚለውም ቃል «በስታቲስቲክስ» ካልተባለበት አንባቢው ትልቅ ለውጥ ማለት ነው ብሎ ይረዳዋል።

«ለሙያ ቃላት አማርኛ ስለሌለ በውጭ አጠራራቸው መጻፍ ይበቃል።»

ይህ ስሕተት ለመሆኑ መቀንጨርን ማስረጃ መጥራት ይቻላል። መቀንጨርን ለማጥፋት በተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንና በጤና ጣቢያዎች ዘንድ የታወቀ ቃል ስለሆነ «ስታንቲንግ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማራቅ ነው። በአንጻሩ ቃሉ አለ ተብሎ ብቻ አይታመንም። መቀንጨር ቁመት ለዕድሜ ሲያንስ ነው፤ መለኪያውም የዓለም የጤና ድርጅት የዕድገት መስፈርት ላይ ከመካከለኛው በሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በታች መሆን ነው። መቀጨጭ ግን ክብደት ለቁመት ሲያንስ የሚሰጥ ስም ሲሆን ሁለቱን ማቀያየር የጥናቱን ርዕስ መለወጥ ነው። «ስርጭት» ደግሞ በአንድ ወቅት ያለውን ድርሻም፣ በየአካባቢው የመዳረስ ሁኔታንም፣ እንደ ወረርሽኝ መዛመትንም ሊያመለክት ይችላል፤ ስለዚህ አኅጽሮቱ ውስጥ መጀመሪያ ሲመጣ «በጥናቱ ወቅት ቀንጭረው የተገኙ ሕፃናት ድርሻ» ብሎ ማብራራት ያስፈልጋል። ኦድስን የመሰለ አቻ ያልተገኘለት ቃል በፊደላችን ቢቀመጥ ነውር የለበትም።

«ጥሩ አማርኛ አንድን ቃል አይደጋግምም።»

በልብ ወለድ ይሠራ ይሆናል። በአኅጽሮት ግን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መቀንጨር፣ በሁለተኛው የዕድገት መገታት፣ በሦስተኛው የምግብ እጥረት ቢባል አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተለክተዋል ብሎ ይረዳል፤ በተለይ የምግብ እጥረት መቀጨጭንም ስለሚጨምር። ይህን ለማወቅ ትርጉሙን እንግሊዝኛውን ላላየ የሙያው ሰው መስጠትና «ምን ተለካ? ማን ከማን ጋር ተነጻጸረ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ መልሱ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ካልገጠመ የተበላሸው ዓረፍተ ነገር ወዲያው ይታወቃል።