ኤክሴል ላይ ወራትን በትክክለኛ ተራቸው መደርደር

ኤክሴል «መስከረም» የወር ስም መሆኑን አያውቅም፤ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐምሌን ከመስከረም ያስቀድማል። መፍትሔው ተራውን ራስዎ መስጠት ነው። የወርና የቅድሚያ ዓምድ ያለውን ሰንጠረዥ በሙሉ ይምረጡና Data፣ ከዚያ Sort ይክፈቱ። በመጀመሪያው ደረጃ የወሩን ዓምድ መርጠው፣ Order ላይ Custom List ብለው 13ቱን ወራት በየመስመሩ ይጻፉና Add፣ ከዚያ OK ይጫኑ። ቀጥሎ በ Add Level የቅድሚያውን ዓምድ ይጨምሩ፤ ለእሱም «ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» የሚል ሌላ ዝርዝር ያስፈልገዋል።

ብዙዎችን የሚያደናግረው የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ሁለተኛው ደረጃ የሚሠራው ወራቸው አንድ በሆኑ ረድፎች መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ የጥቅምት «ከፍተኛ» ከመስከረም «ዝቅተኛ» በታች ይወርዳል። አስቸኳዩ ሁሉ ከላይ እንዲሆን ከፈለጉ ቅድሚያውን የመጀመሪያ ደረጃ ያድርጉት።

አንዳንድ ረድፎች መጨረሻ ላይ ከተከማቹ አጻጻፋቸውን ይዩ፤ ዝርዝሩ «ኅዳር» ሲል ሰንጠረዡ «ህዳር» ካለ አይገናኙም።