ትሬስራውት ሲነበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትሬስራውት ፓኬት ወደ ሰርቨር ሲሄድ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ እያንዳንዱ ሆፕ ይባላል፣ ከጎኑ ያሉት ሦስት ቁጥሮችም ለሦስት ፓኬቶች መልስ እስኪመጣ የፈጀው ጊዜ ናቸው።

«5ኛው ሆፕ 184 ሚሊሰከንድ አሳይቷል፤ አንድ ፓኬትም ጥሏል። ችግሩ እዚያ ነው።»

```
4  198.51.100.9    12.1 ms  11.8 ms  12.4 ms
5  198.51.100.33  184.6 ms  *       171.2 ms
6  203.0.113.5     13.0 ms  12.7 ms  13.3 ms
7  203.0.113.77    96.4 ms  97.0 ms  96.1 ms
8  203.0.113.90    97.2 ms  96.8 ms  97.5 ms
```

መጀመሪያ 6ኛውን ይመልከቱ። ወደ እሱ የሄዱት ፓኬቶች በ5ኛው በኩል አልፈው በ13 ሚሊሰከንድ ደርሰው ተመልሰዋል። 5ኛው የሚያልፈውን ሁሉ የሚያዘገይ ቢሆን ኖሮ ከእሱ በኋላ ያሉትም በዘገዩ ነበር።

ትልልቅ ራውተሮች የሚያልፈውን ፓኬት የሚያስተላልፉት ለዚሁ በተሠራ ፈጣን ቺፕ ነው። ትሬስራውት ግን የፓኬቱ ቲቲኤል፣ ማለትም የሚያልፍባቸው ሆፖች ቁጥር ገደብ፣ እዚያው ራውተር ላይ እንዲያልቅ አድርጎ ይልካል፤ ለዚህ መልስ መስጠት አብዛኛውን ጊዜ የፕሮሰሰሩ ድርሻ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት መልሱን ያቆየዋል፤ በሰከንድ ከተፈቀደለት ቁጥር ካለፈም ጭራሽ አይመልስም። የዘገየው መልሱ እንጂ መንገዱ አይደለም።

«ኮከብ ምልክት ካለ ፓኬቱ እዚያ ጠፍቷል።»

ኮከቡ የሚናገረው መልስ በጊዜው እንዳልመጣ ብቻ ነው። ከአንድ ሆፕ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ኮከብ ብቻ ቢሆን እንኳ መንገዱ ተቋርጧል ለማለት አይበቃም። የሊኑክሱ `traceroute` ካልታዘዘ በቀር ዩዲፒ ስለሚልክ ፋየርዎል ሊያግደው ይችላል። ሰርቨሩ ድረ ገጽ የሚያቀርብ ከሆነ በ443 ፖርት መሞከር ነው፤ ሦስት ፓኬት ስለ መጥፋት ብዙ ስለማይናገርም 100 መላክ ይሻላል፦

```
sudo traceroute -T -p 443 example.com
mtr -rwn -c 100 example.com
```

`mtr` ትሬስራውትን እየደጋገመ በየሆፑ መልስ ያላገኘውን በመቶኛ ያሳያል። በውጤቱ መሃል ላይ 40% ታይቶ መጨረሻው 0% ከሆነ የጠፋ ነገር የለም። እውነተኛ መጥፋት ከአንድ ሆፕ ይጀምርና እስከ መጨረሻው አይለቅም።

«7ኛው ላይ በ83 ሚሊሰከንድ ዘለለ፤ መስመሩ ተጨናንቋል።»

ዝላዩ እስከ 8ኛው፣ ማለትም እስከ ሰርቨሩ ስለዘለቀ እውነተኛ ነው። ግን ርቀትም ሊሆን ይችላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ ለየ100 ኪሎሜትሩ ደርሶ መልሱ 1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ 83 ሚሊሰከንድ ደግሞ የ8,300 ኪሎሜትር ኬብል ነው። ባሕር ለሚሻገር መስመር ይህ ጤናማ ቁጥር ነው፤ ሁለቱ ራውተሮች አንድ ከተማ ውስጥ ከሆኑ ግን አይደለም።

መለያው ሰዓት ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ እና ሰው በሚበዛበት ማታ 3 ሰዓት ላይ ይለኩ። ርቀት አይለዋወጥም፤ የወረፋ መዘግየት ግን ማታ ያብጣል፣ ሦስቱ ቁጥሮችም እርስ በርስ ይራራቃሉ።

«ቁጥሩ እስከዚያ ሆፕ ለመድረስ የወሰደው ጊዜ ነው።»

የመመለሻው ጊዜም አብሮ ተቆጥሯል፣ መልሱም በመጣበት መንገድ ላይመለስ ይችላል። ዝርዝሩ የሚያሳየው የመሄጃውን ብቻ ስለሆነ፣ የ7ኛው ዝላይ ፈጽሞ ባልተዘረዘረ የመመለሻ መስመር ላይ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሰርቨሩ ወደ እርስዎ አድራሻም ትሬስራውት ያስሠሩ፤ ለአገልግሎት ሰጪው ሁለቱንም ከነሰዓታቸው ይላኩ።